የትኛው መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ? ለጥገና ወርክሾፕ የአወሳሰን መመሪያ

ብዙ የጥገና ወርክሾፖች የመለዋወጫ ክምችታቸውን የሚወስኑት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ማሽኑ ሲገዛ አምራቹ አብሮ የላከውን የመለዋወጫ ዝርዝር እንዳለ መቀበል ነው። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት ከግምጃ ቤት ብዙ ጊዜ የወጣውን ዕቃ ዘንድሮም መግዛት ነው። የአምራቹ ዝርዝር ጠቃሚ ቢሆንም ሲዘጋጅ ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ አጠገቡ ተጠባባቂ እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ ዕቃው ወርክሾፑ ዘንድ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የወጪ መዝገቡም ቢሆን የሚናገረው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቁ ዕቃዎች ነው። ፋብሪካን ለሳምንታት የሚያቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስትና አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ዕቃ ነው።

ስለዚህ መመሪያው ወሳኝ የሚለው ውድ ወይም ትልቅ ዕቃን አይደለም። ወሳኝ መለዋወጫ ማለት በእጅ ባለመኖሩ ብቻ የሥራው መቆም ከሰዓታት ወደ ቀናት ወይም ወደ ሳምንታት የሚረዝምበት ዕቃ ነው። ይህን ለመለየት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ሲበላሽ ምን ይቆማል፣ ተተኪው በስንት ጊዜ ይደርሳል፣ ከመበላሸቱ በፊትስ ስንት ጊዜ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል? ከታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የሚመልሱ ሲሆኑ፣ ለማሳያ የተወሰደው ሦስት የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፖች የሚሠሩበት፣ አራተኛው ተጠባባቂ የሆነበትና ጥሬ ዕቃውን ሁሉ አንድ ዋና ማጓጓዣ ቀበቶ በአንድ ጊርቦክስ የሚያስገባበት ፋብሪካ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ከመቆሙ ይጀምሩ

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚጻፉት ማሽኖች እንጂ መለዋወጫዎች አይደሉም። በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ለፊት «ይህ ማሽን ቢቆም ምን ይቆማል? ከስንት ሰዓት በኋላ?» የሚለውን መልስ ይጻፉ። መልሱን ከመካኒኩ ብቻ ሳይሆን ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛም ይጠይቁ፤ የቱ ታንክ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ፣ የቱ ማሽን በሌላ መንገድ ሊታለፍ እንደሚችል አጥርቶ የሚያውቀው እርሱ ነው።

በማሳያችን አንድ ፓምፕ ቢቆም ተጠባባቂው ይነሣል፤ ምርት አይቆምም፣ ነገር ግን ፋብሪካው ያለ ተጠባባቂ ይቀራል። የማጓጓዣው ጊርቦክስ ቢሰበር ግን ሁሉም ነገር በዚያው ፈረቃ ይቆማል። ልዩነቱ የሚመጣው ማሽኑ ካለበት ቦታ ነው። ያው ጊርቦክስ ሁለት ትይዩ መስመሮች ባሉበት ፋብሪካ ውስጥ ወሳኝ ላይሆን ይችላል።

የሰው ሕይወት የሚጠብቁ ዕቃዎች ከዚህ ምዘና ውጭ ናቸው። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ፣ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍና መሰሎቻቸው ተተኪ እስኪመጣ ተብለው የሚታለፉ ስላልሆኑ የኪሳራ ሒሳብ አይሠራባቸውም። ተተኪያቸው በእጅ ይኑር፣ አለዚያ ማሽኑ ይቁም።

2ኛ ደረጃ፦ ወደ ማሽኑ ሄደው ዕቃውን በዓይን ያረጋግጡ

ሥራ ከሚያቆሙት ማሽኖች ላይ፣ ሲበላሹ ማሽኑን የሚያቆሙትን ክፍሎች ለይተው ያውጡ። በፓምፑ ላይ ውኃ በሻፍቱ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚያግደው መካኒካል ሲል፣ ኩሽኔታዎቹ፣ የሻፍት እጅጌውና በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው የካፕሊንግ ጎማ ይወጣሉ። የካፕሊንግ ጎማው ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ሆኖም በዝርዝር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው።

ይህን ሥራ በማኑዋል ብቻ መጨረስ አደገኛ ነው። ማሽኑ ባለፉት ዓመታት ሞተር ተቀይሮለት፣ ካፕሊንጉ በሌላ ዓይነት ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ማኑዋሉ ግን ይህን አያውቅም። ባትሪና ጨርቅ ይዘው ይሂዱ፣ በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ ይጥረጉና ያንብቡ፣ ማሽኑ ለጥገና በሚፈታበት ቀን ደግሞ ቁጥሩን ከራሱ ከዕቃው ላይ ይገልብጡ። ሙሉውን ቁጥር መገልበጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 6309 የሚል ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 45፣ የውጭ ስፋቱ 100፣ ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ማንም ሻጭ ያውቀዋል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው «ሲ3» የሚል ምልክት ግን በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው የሰፋ መሆኑን የሚናገር ነው። በሚግል ሞተር ላይ ይህ ምልክት የሌለው 6309 ቢገጠም መግባቱን ይገባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ክፍተቱ ይጠብና ኩሽኔታው ራሱን ማጋል ይጀምራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲፈታ ግሪሱ ጠቁሮ፣ ኳሶቹ የሚዞሩበት መንገድ ወደ ሰማያዊ ተለውጦ ይገኛል። መደርደሪያው ላይ ኩሽኔታ ነበረ፤ ትክክለኛው ግን አልነበረም።

እግረ መንገድዎን አንድ ዕቃ ስንት ማሽኖች ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። አራቱ ፓምፖች አንድ ዓይነት ሲል የሚጠቀሙ ከሆነ የሚያስፈልገው ለአራቱ የጋራ ክምችት ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መያዝ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

3ኛ ደረጃ፦ እውነተኛውን የመድረሻ ጊዜ ይጻፉ

ሻጩ «ስድስት ሳምንት» ሲል የሚቆጥረው ገንዘቡ ገቢ ሆኖ ትዕዛዙ እርሱ ዘንድ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ወርክሾፑ የሚቆጥረው ግን ዕቃው መበላሸቱ ከታወቀበት ሰዓት አንሥቶ በማሽኑ ላይ እስከሚገጠምበት ሰዓት ነው። በመካከሉ የግዢ ጥያቄ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ዋጋ ይሰበሰባል፣ ክፍያ ይጸድቃል፣ ዕቃው ይጓጓዛል፣ በግምጃ ቤት ተመርምሮ ይገባል። ስለዚህ ከሻጩ ደብዳቤ ይልቅ የራስዎን መዝገብ ያምጡ። ያው ዕቃ ወይም ከያው አቅራቢ የመጣ ተመሳሳይ ዕቃ በመጨረሻዎቹ አምስት ግዢዎች ስንት ስንት ቀን እንደፈጀ ይዩ፣ ከአማካዩም ይልቅ ወደ ረጅሙ የሚጠጋውን ይውሰዱ።

ይህን ሲያደርጉ አንዳንድ ዕቃዎች ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። መደበኛ ቺንጋ፣ የተለመደ ኩሽኔታ ወይም ኮንታክተር በሰዓታት ውስጥ በአካባቢው የሚገኝ ከሆነ የሻጩ መደርደሪያ እንደ ወርክሾፑ መደርደሪያ ሊቆጠር ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሻጩ ያንን መጠን ሁልጊዜ እንደሚይዝ ከተረጋገጠ፣ ሌሊትና በበዓል ቀን የሚከፍት ሰው ካለ ነው። በየሦስት ወሩ ስልክ ደውሎ ዕቃው ዛሬ በእጃቸው እንዳለ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

4ኛ ደረጃ፦ የምልክቱን ርዝመት ከመድረሻው ጊዜ ጋር ያስተያዩ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። አንድ ዕቃ ከመሰበሩ በፊት በቂ ጊዜ ቀድሞ ምልክት ከሰጠ፣ ምልክቱ በታየ ዕለት ማዘዝ ይቻላልና መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ግዴታ አይሆንም። ኩሽኔታ በንዝረት መለኪያ ላይ ይታያል፣ ቺንጋ ይሰነጣጠቃል፣ የጊርቦክስ ጥርስ ሲበላ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይተዋል። የመቆጣጠሪያ ካርድ፣ የኮንታክተር ኮይልና ፊውዝ ግን ትናንት ደህና ሆነው ዛሬ ይሞታሉ። ስለዚህ ምልክት የማይሰጡና ቶሎ የማይገኙ ዕቃዎች በዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣሉ።

ሒሳቡ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። የጊርቦክሱ ምልክት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጊርቦክሱ እስኪሰበር 6 ሳምንት ይፈጃል እንበል። ወርክሾፑ ዘይቱን የሚመረምረው በወር አንድ ጊዜ ማለትም በየ4 ሳምንቱ ከሆነ፣ ምልክቱ ከምርመራው በማግሥቱ ቢጀምር የሚታየው ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። እጅ ላይ የሚቀረው 2 ሳምንት ብቻ ነው። ሊታመንበት የሚገባው ይህ የተቀነሰው ቁጥር ነው። ምርመራው በየሳምንቱ ቢሆን 5 ሳምንት ይቀር ነበር፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የምርመራውን ልዩነት ማሳጠር ውድ ዕቃ ከመግዛት ይቀላል። ምርመራው በወረቀት ላይ ብቻ ያለና ሥራ ሲበዛ የሚዘለል ከሆነ ግን ምልክቱን ዜሮ ብለው ይያዙት።

5ኛ ደረጃ፦ ስንት ይያዝ?

የፓምፑን መካኒካል ሲል እንውሰድ። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሦስት ፓምፖች ናቸው፣ እንደ ወርክሾፑ መዝገብ አንድ ሲል በአማካይ 18 ወር ይቆያል፣ አዲስ ለማምጣት ደግሞ 3 ወር ይፈጃል። አንዱ ትዕዛዝ በመንገድ ላይ ሳለ ይፈለጋል ተብሎ የሚጠበቀው ብዛት እንዲህ ይሰላል፦

```
3 × 3 ÷ 18 = 0.5
```

ግማሽ ሲል የሚባል ነገር ስለሌለ ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ብልሽቱ በዘፈቀደ የሚመጣ ከሆነ፣ ሲል በተፈለገ ጊዜ መደርደሪያው ባዶ አለመሆኑ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በኤክሴል ይገኛል። አንዱ ሲል በወጣ ዕለት ሌላ ይታዘዛል ብለን፣ የምንይዘው 2 ሲል ቢሆን የመጀመሪያው ቁጥር ከክምችቱ አንድ ቀንሶ 1 ይሆናል፦

```
=POISSON.DIST(1,0.5,TRUE)
```

መልሱ 0.91 ገደማ ነው፤ ከ100 ጊዜ 91ዱን ሲሉ በእጅ ይገኛል ማለት ነው። አንድ ብቻ ቢያዝ 61 ጊዜ፣ ሦስት ቢያዝ ወደ 99 ጊዜ ይሆናል። በዚህ ፋብሪካ ሲል ቢጠፋ የሚያስከትለው ያለ ተጠባባቂ መሥራት እንጂ መቆም ስላልሆነ፣ እኔ ብሆን 2 እይዛለሁ። አራተኛው ፓምፕ ባይኖርና ሦስቱም የግድ የሚያስፈልጉ ቢሆኑ ግን ሦስተኛውን ሲል ሳልይዝ አላድርም።

ስሌቱ የሚሠራው ብልሽቶቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ ሲመጡ ነው። ታንክ ታጥቦ የተነሣው አሸዋ በሦስቱም ፓምፖች ውስጥ ቢያልፍ፣ ሦስቱም ሲሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ያፈስሳሉ፤ ያን ጊዜ ሁለትም ሦስትም አይበቃም። በመዝገብዎ ላይ የሲል ቅያሪ ቀኖች ተሰብስበው ከታዩ መጀመሪያ የተፈቱትን ሲሎች ፊት ይመልከቱ። ክብ ክብ እየሠራ የተፋቀ ፊት ቆሻሻ ውኃን፣ በሙቀት የተሰነጣጠቀ ፊት ደግሞ ፓምፑ ያለ ውኃ መሮጡን ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ችግር ሳይፈታ ክምችት መጨመር ጥፋቱን በገንዘብ መቀለብ ነው።

በዕቅድ ለሚደረግ ጥገና የሚያስፈልገውን ሲል ከዚህ ክምችት አያውጡ። የዕቅዱ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ለእርሱ በቀኑ እንዲደርስ ለብቻው ይታዘዛል።

6ኛ ደረጃ፦ ውድና ብርቅ ዕቃን በመቆሚያ ሰዓት መዝኑ

ጊርቦክሱ በተለየ መንገድ ይመዘናል፤ አንድ ብቻ ነው፣ በአማካይ በ15 ዓመት አንዴ የሚበላሽ ነው፣ ለማምጣት 16 ሳምንት ይፈጃል። ዋጋውን በገንዘብ ሳይሆን የፋብሪካው አንድ ሰዓት መቆም በሚያስከትለው ኪሳራ ብንለካው ለፋይናንስ ኃላፊውም ለመካኒኩም ግልጽ ይሆናል። ጊርቦክሱ የ150 ሰዓት መቆም ያህል ዋጋ አለው እንበል። ዕቃን ማስቀመጥ በታሰረው ገንዘብ፣ በቦታ፣ በእንክብካቤና በማርጀት ምክንያት በዓመት የዋጋውን 20 በመቶ ያህል ይፈጃል ብንል፣ መደርደሪያ ላይ መኖሩ በዓመት 30 ሰዓት ያስከፍላል።

ባይኖርስ? ከ16 ሳምንቱ ላይ ሊታመን የሚችለው የ2 ሳምንት ምልክት ሲቀነስ 14 ሳምንት መቆም ይቀራል። ይህም 2,352 ሰዓት ነው። ለ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት ወደ 157 ሰዓት ይደርሳል። 157ን ከ30 ጋር ያስተያየ ሰው ጊርቦክሱን ይገዛል።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ በተግባር ማንም ፋብሪካ 14 ሳምንት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የማሽን ሾፕ ጥርሱን ቆርጦ በ3 ሳምንት ጊዜያዊ መፍትሔ ሊያበጅ ይችላል። ይህ እርግጠኛ ከሆነ መቆሙ 504 ሰዓት ነው፣ በዓመት ሲካፈል ወደ 34 ሰዓት ይሆናል፤ ከ30 ጋር ተቀራረበ። ሒሳቡ እንዲህ ሲመጣጠን ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ይገባል። ሙሉውን ሳጥን ትቶ የውስጡን የማርሽ ጥንድ፣ ኩሽኔታዎቹንና ሲሎቹን ብቻ መያዝ የዋጋውን ሲሶ ማለትም 50 ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ የዓመቱ ማስቀመጫ ወጪ 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሙሉ ሳጥን ለመቀየር አንድ ፈረቃ፣ የውስጡን ለመቀየር ሁለት ቀን ቢወስድም ልዩነቱ ለ15 ዓመት ሲካፈል ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የማይሸፍነው የሳጥኑ ቤት መሰንጠቅን ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ቀደም ሲል ተበይዶ ከሆነ ወይም የመሠረቱ ብሎኖች በተደጋጋሚ የሚላሉ ከሆነ ውሳኔው ወደ ሙሉው ሳጥን ይመለሳል።

በዚህ ደረጃ የተጠቀሙባቸውን ቁጥሮች፣ በተለይ የመቆሚያ ሰዓቱን፣ ከምርት ክፍሉ ጋር ተስማምታችሁ በዕቃው የመዝገብ ካርድ ላይ በጽሑፍ ይያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው «ይህ ዕቃ ለምን ተኝቶ ይቀመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በካርዱ ላይ መገኘት አለበት።

7ኛ ደረጃ፦ ሳይበላሽ እንዲቆይ አድርገው ያስቀምጡ

ቀድሞ በምሠራበት ወርክሾፕ አንድ ተጠባባቂ ሞተር መጭመቂያው ክፍል ግድግዳ ሥር ለሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። በተፈለገበት ሌሊት ገጠምነው፤ ገና እንደተነሣ ማጉረምረም ጀመረ። ፈትተን የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት ወደ መብራት ስናቀርበው በኳሶቹ ልክ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትናንሽ ጎድጓዶች ታዩ። ሞተሩ አንድም ቀን አልሠራም፤ ኩሽኔታውን የፈጀው ወለሉን የሚያንቀጠቅጠው መጭመቂያ ነበር። ኳሶቹ በአንድ ቦታ ቆመው ስለተንቀጠቀጡ ግሪሱ ከመካከል ወጥቶ ብረት ከብረት ተፋጭቷል። ከዚያ ወዲህ ተጠባባቂ ሞተርና ጊርቦክስ ንዝረት ከሌለበት ቦታ እንዲቀመጥ፣ በየወሩም ሻፍቱ በእጅ ጥቂት ዙር ተዙሮ ከቀድሞው በተለየ ቦታ እንዲቆም አደርጋለሁ። የተዞረበት ቀን በላዩ ላይ በተንጠለጠለ ካርድ ይጻፋል።

ኩሽኔታ ከፋብሪካ ማሸጊያው ሳይወጣ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ለማየት ብሎ የከፈተው ሰው የጣቱን ላብ ትቶ ይሄዳል፣ ላቡም ዝገት ይሆናል። የጎማ ሲልና ኦሪንግ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከብየዳ ቦታ ርቆ ይቀመጥ፣ በምስማር ላይም አይሰቀል። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ በውስጡ ካፓሲተሮች ስላሉት ከዓመት በላይ ሳይበራ ከቆየ አምራቹ በሚያዘው አኳኋን በኃይል መታደስ ይኖርበታል። የኤሌክትሮኒክ ካርዶችንና መቆጣጠሪያዎችን በተመለከተ ፕሮግራሙና የተስተካከሉት ቁጥሮች ቅጂ ከሌላቸው ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ቢኖርም ማሽኑን አያስነሣም፤ ቅጂውን ከዕቃው ጋር በአንድ ቁጥር መዝግበው ያኑሩ።

8ኛ ደረጃ፦ ዝርዝሩ የሚከለስበትን ምክንያት አስቀድመው ይወስኑ

በዓመት አንዴ ሁሉንም መከለስ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከዓመቱ ቀን በላይ የሚጠቅመው አንዳንድ ለውጦች በሆኑበት ዕለት ካርዱ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ማሽን ሲቀየር ወይም ሲነሣ፣ ተጠባባቂ ማሽን ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር፣ አምራቹ ዕቃውን ማምረት አቆማለሁ ብሎ ሲያሳውቅ፣ የመድረሻው ጊዜ በአንድ ግዢ ላይ ከተጻፈው በግማሽ ሲረዝም፣ ምርመራ ለሁለት ወር ሲቋረጥ የዚያ ዕቃ ሒሳብ እንደገና ይሠራል። አራተኛው ፓምፕ ለጥገና ከመስመር ወጥቶ ወራት የሚቆይ ከሆነ የሲሉ ክምችት ከ2 ወደ 3 ከፍ ማለት ያለበት ፓምፑ ከመስመር በወጣበት ዕለት ነው፤ ሲሉ ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጃልና ትዕዛዙ ፓምፑ ከመስመር ከመውጣቱ በፊት መላክ ይኖርበታል።

በተቃራኒው፣ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ይወገድ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ወሳኝ የተባሉት ዕቃዎች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን እንዳይታዩ በካርዳቸው ላይ የተለየ ቀለም ወይም ምልክት ይደረግባቸው። እነዚህ የሚወገዱት ሳይነኩ በቆዩበት ዓመት ብዛት አይደለም። የተያዙለት ማሽን ከፋብሪካው ከወጣ፣ ተጠባባቂ ከተተከለለት ወይም ዕቃው በቅርብ መገኘት ከጀመረ ያን ጊዜ ይወገዳሉ፤ ይህንም የጥገና ኃላፊውና የምርት ኃላፊው በካርዱ ላይ ሲፈርሙ ብቻ ግምጃ ቤቱ ያወጣቸዋል።